የልብስ ሰፊው ደብተር

በሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ታናሽ እህቴ ሦስት ጊዜ የተለካችበት አንድ ደብተር አለ። በጥር ወር ለአጎታችን ልጅ ሠርግ ቀሚስ ስታሰፋ ወገቧ 70 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ቀሚስ ለማስጠበብ ስትመለስ 66 ሆነ፤ በግንቦት ማብቂያ ደግሞ 63። በሦስተኛው ጊዜ አብሬያት ነበርኩ። ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው ደብተሩን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝና፣ «ልብስ ማጥበብ ሥራዬ ነው፣ ልጄ፤ ግን እሷን የሚያጠባት ምንድን ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ በመድኃኒት ቤት እሠራለሁ። «ከሳሁ፣ የሚያወፍር ነገር ስጠኝ» የሚል ሰው በየሳምንቱ ከፊቴ ይቆማል። እህቴም ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ሆና ስትመጣ፣ ለሌላው የምሰጠውን ነው የሰጠኋት።

## የተሰጧት መድኃኒቶች

መክሳቷን መጀመሪያ ያየነው በሁዳዴ ነበር፤ ስለዚህ ጾሙ ነው አልን። ጾሙ ተፈትቶም መክሳቷ ሲቀጥል፣ የድሬዳዋ ሙቀት ነው አልን፤ እሷም ሌሊት ላብ በላብ ሆና እንደምትነቃ፣ ቀን ክፍል ውስጥ ስታስተምር ሙቀቱ ከሌሎቹ መምህራን ይልቅ እሷን እንደሚያስጨንቃት ትናገር ነበር። እኔ የትላትል መድኃኒት አልቤንዳዞልን ሰጠኋት። ፀጉሯ ይነቀል ስለነበር ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ቪታሚንም ጨመርኩላት። ከዚያ በኋላ የሄደችበት ክሊኒክ የደም ምርመራ አድርጎ «ታይፎይድ አለብሽ» አላትና ለ10 ቀን ፀረ ባክቴሪያ ወሰደች።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ያለፍንበት ነውና። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ ነው። ይህ መከላከያ ካለፈ ሕመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የቀረ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ ዛሬ ታይፎይድ አለ ለማለት አያስደፍርም። ከዚያም በላይ፣ ትኩሳት በሌለበት ለወራት ሲጓተት የኖረን መክሳት በታይፎይድ ማስረዳት አይቻልም። ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ሲገኝ ቤተሰብ እፎይ ይላል፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ቀጥሎ የልብ ምት መጣ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ማታ ጋደም ስትል ጆሮዋ ውስጥ ይሰማታል። ሌላ ሐኪም «ጫት ትቅሚያለሽ?» ሲሏት «አንዳንድ ቅዳሜ» ብላ በእውነት መለሰች፤ መልሱም በዚያው ተገኘ ተባለ። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትንም ይጨምራል። ሆኖም እህቴ ጫቱን ፈጽማ ከተወች በኋላ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የልቧ ምት አልቀነሰም፣ የምግብ ፍላጎቷም ድሮውንም አልቀነሰም ነበር። ጫት ምክንያቱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እንዲህ ባልሆኑ ነበር።

በመጨረሻ የፈራነውን ተመረመረች። የአክታ ምርመራው ከቲቢ ነጻ ሆነ፣ የደረት ራጅዋ ንጹሕ ነበር፣ የኤች አይ ቪ ምርመራውም ነጻ መሆኗን አሳየ። ሁላችንም እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ግን በጥቅምት 56 ኪሎ ግራም የነበረች ልጅ በግንቦት 47 ነበረች። ቁመቷ 1.63 ሜትር ስለሆነ፣ ክብደቷ ለቁመቷ ሲሰላ ከ21 ወደ 17.7 ወርዷል፤ ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ክብደት ይባላል። እኔን ይበልጥ ሊያስደነግጠኝ የሚገባው ግን መጨረሻው ቁጥር ሳይሆን መንገዱ ነበር፤ በሰባት ወር ውስጥ ከነበራት ክብደት 16 በመቶውን አጥታለች።

## ከእጇ ላይ የተንቀጠቀጠው ወረቀት

ከሰፊው ቤት በወጣንበት ዕለት ማታ እናታችን ቤት ሐረር አደርን። ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢርቅ ነው፤ ከፍታው ግን በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል፣ አየሩም ሌላ ነው። ዝናብ ጥሎ ነበርና እናቴ ጋቢ ደርባ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣለች። እህቴ ነጠላዋን ጥላ፣ በሩን ከፍታ፣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች በአንዱ ወረቀት ታራግባለች፤ የቀሚሷ ጀርባ በላብ ርሷል። ድሬዳዋ ላይ ለወራት በሙቀት ያሳበብነው ነገር፣ ሙቀት በሌለበት ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ታየኝ።

ጡረታ የወጡ ነርስ የሆኑ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ ገብተው ነበር፤ እኛ ሲስተር እያልን ነው የምንጠራቸው። እህቴ ሁለተኛ እንጀራዋን ስታጥፍ በዝምታ አዩአት። ከዚያ እናቴን፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ትበላለች?» ብለው ጠየቁ። እናቴ፣ «ኧረ ሲስተር፣ ትበላለች እንጂ! መብሏማ እጥፍ ሆኗል፤ የት እንደሚገባ ነው ያላወቅነው» አለቻቸው። በዚያ ሁሉ ወር ካየናቸው ባለሙያዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም የከሳ ሰው አይበላም ብለን ወስነን ነበር።

ሲስተር እህቴን እጆቿን ወደ ፊት እንድትዘረጋና ጣቶቿን እንድትለያይ ነገሯት። ከዚያም ከምታርማቸው የፈተና ወረቀቶች አንዱን አንስተው በተዘረጉት ጣቶቿ ላይ አስተኙት። ጣቶቿን ስመለከት የማይንቀሳቀሱ ይመስሉ ነበር፤ የወረቀቱ ጠርዝ ግን በነፋስ እንደሚመታ ቅጠል ጥቃቅን እየተርገበገበ ነበር። በሩን ዘጉት፤ ወረቀቱ አላቆመም። ቀጥለው ከኋላዋ ቆመው የጣቶቻቸውን ጫፍ በአንገቷ ግራና ቀኝ አሳርፈው ውሃ እንድትጎነጭ አደረጓት። ስትውጥ ከጉሮሮዋ በታች አንድ ለስላሳ እብጠት ከጣታቸው ሥር ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ። ከውጭ ሲያዩት የማይታወቅ፣ የአንገት ሀብል የሚሸፍነው ትንሽ እንቅርት ነበር።

ከበርጩማዋ ስትነሳ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደግፋ እንደምትነሳም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የ27 ዓመት ልጅ ናት። «ሥጋዋ ብቻ አይደለም የሄደው፣ የጭኗ ጡንቻም አብሮ እየሄደ ነው» አሉኝ። ከዚያም የቤት ሥራ ሰጡኝ፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ሳልቀሰቅሳት፣ የእጇን ትርታ ሙሉ 60 ሰከንድ እንድቆጥር።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በስልኬ መብራት ቆጠርኩ። 112 ነበር። ነገሩን አላምን ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ 110። የምክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በጭንቀት ወይም በድካም የሚሮጥ ልብ፣ ሰውዬው ሲተኛ አብሮት ያርፋል። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ከልክ በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ ግን፣ ትእዛዙ የሚመጣው ከደም ውስጥ ስለሆነ ልብ በእንቅልፍም አያርፍም። ቀን ላይ 112 ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ጭንቀት ነው፣ ቡና ነው፣ ደረጃ ወጥታ ነው ማለት እችል ነበር። ሌሊቱን ግን በምንም ላሳብበው አልቻልኩም።

## ምግቡ የት ነበር የሚሄደው?

በማግሥቱ የታዘዘላት ምርመራ ሁለት ነበር፤ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲ4። ፍሪ ቲ4 ታይሮይዱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ቲኤስኤች ግን ከታይሮይዱ የሚወጣ አይደለም። ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ እየወጣ ታይሮይዱን «ሥራ» የሚለው መልእክተኛ ነው። ታይሮይዱ ከሚገባው በላይ ካመነጨ አዛዡ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በዚህ በሽታ ቲኤስኤች ወደ ታች፣ ቲ4 ወደ ላይ ይሄዳሉ። አብዛኛው ላቦራቶሪ ጤናማ የሚለው ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። የእህቴ ከ0.01 በታች፣ ማለትም መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች ነበር፤ ፍሪ ቲ4 ደግሞ ከጣሪያው ሁለት እጥፍ አልፏል።

ሐኪሙ ውጤቱን አይተው ወዲያው መድኃኒት አልጻፉም። የምትወስደውን ሁሉ እንድትዘረዝር ጠየቋት፤ እሷም እኔ የሰጠኋትን የፀጉር ቪታሚን ከቦርሳዋ አወጣች። በውስጡ ባዮቲን በከፍተኛ መጠን አለ። ባዮቲን በሽታ አያመጣም፤ ነገር ግን አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሆርሞን የሚለኩበትን መንገድ ስለሚያዛባ፣ ጤናማውን ሰው ልክ እንደ እህቴ ያለ ውጤት ሊያሰጠው ይችላል፤ ቲኤስኤች ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ። ቪታሚኑን ለአምስት ቀን አቁማ ደግማ እንድትመረመር አደረጉ። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ በየቀኑ የማነሳው ዕቃ ምርመራ ሊያሳስት እንደሚችል በተግባር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። የላይኛው የዓይኗ ሽፋን ወደ ላይ መሸሹንና እንቅርቱ በሁለቱም በኩል እኩል ማበጡን ጨምረው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ታይሮይዱን እያነሳሳ የሚያሠራበት ግሬቭስ የተባለው በሽታ ነው አሏት።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ሰውነት ተቀምጦም ሆነ ተኝቶ እንደሚሮጥ ሰው ያቃጥላል። ላቡ፣ ሙቀት መጥላቱ፣ እየበሉ መክሳቱ ከዚያ ይመጣል። አንጀትም ስለሚፈጥን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት መመላለስ የተለመደ ነው፤ እህቴም ለዚሁ ነበር የትላትል መድኃኒት የጠየቀችኝ። ፀጉሯ፣ ልቧ፣ አንጀቷ፣ እንቅልፏ፣ የወር አበባዋ ማነሱ፣ ለየብቻቸው ወደ እኛ ሲመጡ ለየብቻቸው ስም ሰጠናቸው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ ነው፤ የእህቴ መከራ ግን ተደራራቢ መሰለን እንጂ ሁሉም ያው አንዱ እንቅርት ነበር።

አሁን ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ሆኜ «ከሳሁ» የሚለኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው የሲስተርን ጥያቄ ነው፤ ትበላለህ? ትበያለሽ? መልሱ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ምግብ እያማረው፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ዘንድ ታይሮይድ፣ ስኳር በሽታ ወይም ምግብ አንጀት ውስጥ አለመመጠጡ ይታሰባል። ስኳር ሲሆን ጥሙና ሽንቱ ይበዛል፤ በጾም የሚወሰድ የስኳር ምርመራ ይለየዋል። ምግብ የሚከለክለው፣ ጥቂት ጎርሶ የሚተወው ሰው ዘንድ ደግሞ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም፣ ካንሰር፣ እንዲሁም የመንፈስ ጭንቀት ቀድመው ይመጣሉ። መንገዱ ፍጹም አይደለም፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ታይሮይዳቸው በዝቶ ሳለ የምግብ ፍላጎታቸው ሊጠፋ፣ መንቀጥቀጡም ላይታይ ይችላል። ቢሆንም ከየት መጀመር እንዳለበት ይናገራል።

ስለ አለመመጠጥ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከቀፊራ ገበያ አካባቢ የሚመጣ ወጣት በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሆድ መድኃኒት ሜትሮኒዳዞልን ገዛኝ፤ በየጊዜው ለሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ከእህቴ በኋላ ሲመጣ ስለ ሰገራው ጠየቅኩት። ሲናገር አፈረ፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቅባት አለው፣ ሽታው ከባድ ነው አለ። ይህ ቅባት ሳይመጠጥ እያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ እንዲህ ያደርጋል፤ በየቀኑ ግን ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ አንድ ቀን ታይቶ «የለም» መባሉ አይበቃም፣ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ማየት ይሻላል። በትክክል ታክሞም ካልተሻለው ፍለጋው ወደ አንጀቱ ግድግዳና ወደ ቆሽቱ መሄድ አለበት። እኔ ማድረግ የነበረብኝ አራተኛውን ሳልሸጥ ወደ ሐኪም መላክ ነበር፤ ላክሁት።

በዚያው ገበያ አካባቢ ስሙ ያልተጻፈበት «የማወፈሪያ ኪኒን» በላስቲክ ተቋጥሮ ሲዞር አይቻለሁ። እንዲህ ባሉት ውስጥ ዴክሳሜታዞን ሊኖር ይችላል። ፊትን ይሞላል፣ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ሰውም ወፈርኩ ብሎ ይደሰታል። የመክሳቱ ምክንያት የተደበቀ ቲቢ ከሆነ ግን የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ በሽታውን ይለቀዋል፤ ምክንያቱ ስኳር ከሆነ ስኳሩን ያወጣዋል። ቲቢ ደግሞ የአክታ ምርመራ ነጻ ስላለው ብቻ አይወገድም። በአንገት እጢ፣ በሆድ ዕቃ ወይም በአጥንት ውስጥ ያለው በአክታ ላይ አይታይም፤ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብና የምግብ ጥላቻ አንድ ላይ ካሉ ፍለጋው መቀጠል አለበት።

## መቼ እንመርመር?

ቀጭን ሰው ሁሉ ይመርመር አልልም። ከልጅነቱ ቀጭን የሆነ፣ እናት አባቱም እንዲያው የሆኑ፣ ክብደቱ ለዓመታት ሳይናወጥ የቆየ፣ ጉልበቱ ያለው ሰው በሽተኛ አይደለም፤ ስለ ቅጥነቱ የሚሰማው ወሬ ወደ ላቦራቶሪ ሊያስኬደው አይገባም። ምርመራ የሚጠራው ለውጡ ነው። ሳይፈልግ፣ ምግቡንም ሆን ብሎ ሳይቀንስ፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ ሰው ይታይ፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ 3 ኪሎ ብቻ ነው። ትኩሳት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ በሰገራ ደም፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም በየትም ቦታ የወጣ እብጠት ካለበት ደግሞ 5 በመቶውን አይጠብቅ።

ሚዛን የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያ ምክንያት አይሆንም። የቀበቶው ቀዳዳ፣ የቀለበቱ መላላት፣ የሰፊው ደብተር፣ ሁሉም ቀን ያለው ማስረጃ ነው። ሚዛን ካለም በተመሳሳይ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በቀላል ልብስ መመዘን ይገባል፤ የአንድ ክሊኒክ ሚዛን ከሌላው ሁለት ኪሎ ሲለይ አይቻለሁና።

ምርመራውም «ሁሉንም እዩልኝ» ተብሎ የሚጀመር አይደለም። ጥያቄና የእጅ ምርመራ ይቀድማሉ። ከዚያ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሰገራ፣ ሽንት፣ የደረት ራጅ፣ ቲኤስኤች፤ ሳልና ትኩሳት ካለ አክታ። እህቴ ከእነዚህ አብዛኛውን አድርጋለች፤ የቀረው ቲኤስኤች ነበር። ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም ሰውየው በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመዘን፤ አንዳንዱ በሽታ ራሱን ለመግለጥ ጊዜ ይፈልጋልና።

## ከሐምሌ በኋላ

እህቴ ሁለት መድኃኒት ጀመረች። ፕሮፕራኖሎል በቀናት ውስጥ የእጇን መንቀጥቀጥና የልቧን ሩጫ አስታገሰላት፤ ሆርሞኑን የሚቀንሰው ግን እሱ ሳይሆን ሌላው፣ ፕሮፒልታዮዩራሲል ነው፤ እሱም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ቀድሞ የተመረተው ሆርሞን ከሰውነት እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ አስቀድመው ጠይቀዋታል። ስለ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደገሙላት፤ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዛት፣ ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነና ሽንቷ ከጠቆረ፣ መድኃኒቱን አቁማ በዚያው ቀን እንድትመጣ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የነጭ የደም ሴሎችን ቁጥር በድንገት ያወርዳል፣ ጉበትንም ይጎዳል። እኔም ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ አሁን በወረቀት ጽፌ ነው የምሰጠው።

በስድስተኛው ሳምንት ፍሪ ቲ4 ወደ ጤናማው ተመለሰ፤ ቲኤስኤች ግን አሁንም አልተነሳም። እናቴ ወረቀቱን አይታ ደነገጠች። ለወራት ዝም ያለው አዛዥ ቶሎ እንደማይነቃ፣ በእሱ ብቻ መድኃኒት እንደማይጨመር ሐኪሙ አስረዷት። ሕክምናው ከ12 እስከ 18 ወር ይቆያል፤ ሲቆም ሊመለስም ይችላል።

በጳጉሜን እህቴ 52 ኪሎ ሆነች። ሌሊት ትርታዋን የምትቆጥረው አሁን እናቴ ናት፤ ባለፈው ሳምንት 68 ነበር። ቀሚሱን ለማስፋት ወደ መኪና ግርግር ስንሄድ ሰፊው ስፌቱን ተርትረው ውስጡን አሳዩን፤ ሁለት ጊዜ ሲያጠቡት ጨርቁን አልቆረጡም ነበር። ለክተው በደብተራቸው ላይ ከ63 በታች 67 ጻፉ፤ «ገና አልጨረስሽም፣ በመስከረም ደግሞ ነይ» አሏት።